የግዕዝ ፊደል ቁልፎች በሃሽ ሠንጠረዥ ውስጥ፦ በመተማና በአካባቢው የቦታ ስሞች የቀረበ ማሳያ

መግቢያ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ቆላ የሚወርደው አውራ ጎዳና ገንዳ ውሃንና ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ ላይ ከሱዳን ድንበር ይደርሳል። ማዶው ገላባት ነው። በዚህ መሥመር ሰሊጥና ጥጥ የጫኑ መኪናዎች፣ የቀን ሠራተኞችና መንገደኞች ይመላለሳሉ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ገብተውበታል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚሠራ ማንኛውም የኮምፒውተር መዝገብ በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህ ስም ከዚህ በፊት ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም?

መዝገቡ 100,000 ስሞች ቢኖሩትና ስሞቹ በገቡበት ተራ ቢቀመጡ፣ የተመዘገበን አንድ ስም ለማግኘት በአማካይ 50,000 ያህል ንጽጽር ያስፈልጋል። ስሞቹ በፊደል ተራ ተደርድረው በየጊዜው እኩሌታው እየተጣለ ቢፈለግ ንጽጽሩ ወደ 17 ይወርዳል፤ ይሁን እንጂ አዲስ ስም በመጣ ቁጥር ተራውን መጠበቅ ግድ ይሆናል። ሃሽ ሠንጠረዥ በሚባለው አደረጃጀት ግን ንጽጽሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጥም፤ የስሞቹ ብዛት አሥር እጥፍ ቢያድግ እንኳ ሠንጠረዡ አብሮ እስካደገ ድረስ ይህ አይለወጥም።

ይህ ጽሑፍ ሃሽ ሠንጠረዥ ይህን ፍጥነት ከምን እንደሚያገኝና ሁለት ቁልፎች አንድ ቦታ ሲሻሙ ምን እንደሚሆን ያብራራል። በተለይ የሚያተኩረው ቁልፎቹ በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ በሚፈጠር አንድ ጠባይ ላይ ነው። የፊደሉ የኮምፒውተር ቁጥሮች አቀማመጥ ራሱ፣ ጥንቃቄ ካልተደረገ፣ ግጭትን ያበዛል።

አድራሻን ከስም ማስላት

የሃሽ ሠንጠረዥ መሠረቱ ተራ ድርድር ነው፤ ከ0 ጀምሮ ቁጥር የተሰጣቸው ክፍሎች በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የክፍሉ ቁጥር ከታወቀ ኮምፒውተሩ ሌሎቹን ሳይነካ በቀጥታ እዚያ ክፍል ላይ ይደርሳል። ችግሩ ፈላጊው በእጁ ያለው ስም እንጂ ቁጥር አለመሆኑ ነው። ሃሽ ቀመር ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ከስሙ ፊደላት አንድ ቁጥር ያሰላል፣ ከዚያም ቁጥሩን ለክፍሎቹ ብዛት አካፍሎ ቀሪውን ይወስዳል። ቀሪው የክፍሉ አድራሻ ነው። ስሙ ሲመዘገብም ሲፈለግም የሚሠራው ስሌት አንድ ስለሆነ፣ ያስቀመጠው እጅ የት እንዳስቀመጠ ማስታወስ አያስፈልገውም፤ ስሙ ራሱ ቦታውን ይናገራል።

በሥራ ላይ ከሚገኙት ቀመሮች አንዱ በጃቫ ቋንቋ ለጽሑፍ ቁልፎች የሚያገለግለው ነው። እስከዚያ የተሰላው ቁጥር በ31 ይባዛል፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል የኮድ ቁጥር ይደመርበታል፣ እስከ መጨረሻው ፊደል እንዲሁ ይቀጥላል። በፓይተን ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፦

```
def h(key, m):
    x = 0
    for c in key:
        x = x * 31 + ord(c)
    return x % m
```

እዚህ `m` የክፍሎቹ ብዛት ነው። «መተማ» የሚለው ስም በምሳሌነት ይወሰድ። በዩኒኮድ የ«መ» ቁጥር 4632፣ የ«ተ» 4720፣ የ«ማ» 4635 ነው። መጀመሪያ 4632 በ31 ተባዝቶ 4720 ይደመርበታል፤ የተገኘው እንደገና በ31 ተባዝቶ 4635 ሲደመርበት 4,602,307 ይሆናል። ሠንጠረዡ 8 ክፍሎች ካሉት፣ ይህ ቁጥር ለ8 ተካፍሎ ቀሪው 3 ስለሆነ መተማ በክፍል 3 ይቀመጣል።

በዚሁ ስሌት ሰባት የአካባቢው ስሞች የሚያገኙት አድራሻ የሚከተለው ነው። የመጨረሻው ዓምድ የክፍሎቹ ብዛት 11 ቢሆን የሚገኘውን ያሳያል።

| ስም | የተሰላው ቁጥር | ለ8 ሲካፈል ቀሪ | ለ11 ሲካፈል ቀሪ |
|---|---|---|---|
| መተማ | 4,602,307 | 3 | 6 |
| ሽንፋ | 4,639,315 | 3 | 10 |
| ጓንግ | 4,844,907 | 3 | 1 |
| ቋራ | 149,824 | 0 | 4 |
| ኮኪት | 4,748,345 | 1 | 8 |
| ገለጎ | 4,829,966 | 6 | 9 |
| ገላባት | 149,731,253 | 5 | 1 |

በ8 ክፍሎች ሠንጠረዥ ውስጥ መተማ፣ ሽንፋና ጓንግ ሦስቱም ክፍል 3ን ይጠይቃሉ። የተሰላው ቁጥር የሦስቱም የተለያየ ነው፤ የተጋጩት ቀሪው ሲወሰድ ነው። ይህ ግጭት ይባላል።

ግጭት የማይቀር መሆኑ

ሊጻፉ የሚችሉ ስሞች ከክፍሎቹ እጅግ ስለሚበዙ፣ ሁለት ስሞች አንድ አድራሻ የሚጋሩበት ሁኔታ ከቶ አይጠፋም። ግጭት የሚጀምረውም ሠንጠረዡ ሊሞላ ሲቃረብ አይደለም። አንድ ሚሊዮን ክፍሎች ባሉት ሠንጠረዥ ውስጥ 1,000 ስሞች ብቻ ቢገቡ፣ ሠንጠረዡ 99.9 በመቶ ባዶ ሆኖ ሳለ ቢያንስ አንድ ግጭት የመኖሩ ዕድል 39 በመቶ ያህል ነው። ምክንያቱም የሚቆጠሩት ስሞቹ ሳይሆኑ ጥንዶቹ ናቸው፤ 1,000 ስሞች 499,500 ጥንዶች ይሆናሉ፣ ከነዚህ እያንዳንዱ ጥንድ ከሚሊዮን አንድ የመጋጨት ዕድል አለው።

ስለዚህ በየክፍሉ የሚቀመጠው መረጃው ብቻ ሳይሆን ስሙም ጭምር መሆን አለበት። ፈላጊው ወደ ክፍል 3 ደርሶ አንድ መዝገብ ሲያገኝ፣ መዝገቡ የመተማ ይሁን የሽንፋ የሚያረጋግጠው የተጻፈውን ስም ከሚፈልገው ጋር በማነጻጸር ነው። ሃሽ ቀመሩ የት መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል እንጂ የተገኘው የተፈለገው መሆኑን አያረጋግጥም።

በሰንሰለት ማያያዝ

የመጀመሪያው መፍትሔ አንድ ክፍል ከአንድ በላይ መዝገብ እንዲይዝ መፍቀድ ነው። የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ ሐንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በጥር 1953 በጻፈው የውስጥ ማስታወሻ ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነበር። በክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው የሰንሰለቱ የመጀመሪያ መዝገብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መዝገብ የሚቀጥለው የሚገኝበትን ቦታ ይዞ ይቆያል። በማሳያው ክፍል 3 መተማ፣ ሽንፋ፣ ጓንግ የሚል የሦስት ሰንሰለት ይኖረዋል። መተማን ለማግኘት አንድ፣ ሽንፋን ለማግኘት ሁለት፣ ጓንግን ለማግኘት ሦስት ንጽጽር ይጠይቃል፤ ሌሎቹ አራት ስሞች እያንዳንዳቸው በአንድ ንጽጽር ይገኛሉ። በጠቅላላው 10 ንጽጽር ለ7 ስሞች፣ ማለትም በአማካይ 1.43 ይሆናል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም የአንዱ ክፍል ችግር ለሌላው የማይተርፍ መሆኑ ነው። ገላባት በክፍል 5 ብቻውን ስለተቀመጠ፣ በክፍል 3 ያለው መጨናነቅ አይነካውም። ከሰንሰለቱ አንድ መዝገብ መሰረዝም ቀላል ነው፤ የፊተኛው የኋለኛውን እንዲያመለክት ማድረግ ይበቃል። ጉዳቱ መዝገቦቹ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተበታትነው መገኘታቸው ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ጎን ለጎን ያለውን ከማንበብ ይዘገያል።

ቀጥሎ ያለውን ባዶ ክፍል መያዝ

ሁለተኛው መፍትሔ ከሠንጠረዡ አለመውጣት ነው። ክፍሉ ተይዞ ከተገኘ ቀጥሎ ያለው ይታያል፣ እሱም ከተያዘ የሚቀጥለው፤ መጨረሻው ላይ ሲደረስ ወደ 0 ይመለሳል። ስሞቹ በሠንጠረዡ ተራ ቢገቡ መተማ ክፍል 3ን፣ ሽንፋ 4ን፣ ጓንግ 5ን ይይዛሉ። ቋራ፣ ኮኪትና ገለጎ በየአድራሻቸው 0፣ 1 እና 6 ይገባሉ። በመጨረሻ ገላባት ሲመጣ አድራሻው 5 ነው፤ ክፍሉን ግን ጓንግ ይዞታል። ቀጥሎ ያለው 6 በገለጎ ተይዟል፤ ስለዚህ ገላባት ወደ 7 ይሄዳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ገላባት ከጓንግም ከገለጎም ጋር አንድ አድራሻ የሌለው መሆኑ ነው። የተፈናቀለው በሌሎች ስሞች ግጭት ምክንያት ነው። አንድ የተያዙ ክፍሎች ተርታ ከተፈጠረ፣ በተርታው ውስጥ የትም ያረፈ አዲስ ስም ተርታውን በአንድ ያስረዝመዋል፤ የረዘመው ተርታ ደግሞ የሚቀጥለውን የመያዝ ዕድሉ ይሰፋል። በማሳያው አማካዩ ወደ 12 ንጽጽር ለ7 ስሞች፣ ማለትም 1.71 ከፍ ብሏል። የባሰው ጉዳት የሚታየው ግን የሌለ ስም ሲፈለግ ነው። «ቱመት» ቢፈለግ አድራሻው 6 ይሆናል፤ ፍለጋው 6ን፣ 7ን፣ 0ን እና 1ን አነጻጽሮ ክፍል 2 ባዶ መሆኑን ሲያይ ብቻ ስሙ እንዳልተመዘገበ ያውቃል።

የዚህ ዘዴ ስውር አደጋ መሰረዝ ላይ ነው። ሽንፋ ተሰርዞ ክፍል 4 ባዶ ቢደረግ፣ ከዚያ በኋላ ጓንግን የሚፈልግ ከክፍል 3 ጀምሮ ወደ 4 ይሻገራል፣ ባዶ ያገኛል፣ «አልተመዘገበም» ብሎም ይመለሳል። ጓንግ ግን በክፍል 5 አለ። ምንም የስሕተት መልእክት አይታይም፤ የሚታየው የተሳሳተ መልስ ብቻ ነው። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም፤ ጓንግ እንደ አዲስ በክፍል 4 ይመዘገብና መዝገቡ አንዱን ስም ሁለት ጊዜ ይይዛል። ስለዚህ የተሰረዘ ክፍል ባዶ ከመሆን ይልቅ «ቀድሞ የተያዘ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ፈላጊ አልፎት ይሄዳል፣ አዲስ ስም ግን ሊገባበት ይችላል።

የተያዙት ክፍሎች ለጠቅላላው ክፍሎች ያላቸው ንጽጽር የሙሌት መጠን ይባላል። ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1963 ባካሄደው ትንተና መሠረት፣ ቀመሩ ስሞችን በእኩል የሚበትን ከሆነ በዚህ ዘዴ የሌለን ስም ለማጣራት የሚታዩት ክፍሎች በአማካይ በሙሌት 0.5 ላይ 2.5፣ በ0.75 ላይ 8.5፣ በ0.9 ላይ 50.5 ናቸው። ለዚህም ነው ሠንጠረዡ ከመሙላቱ በፊት የሚሰፋው። ለምሳሌ የጃቫ ሃሽ ሠንጠረዥ፣ ምንም እንኳ በሰንሰለት የሚሠራ ቢሆን፣ ሙሌቱ ከ0.75 ሲያልፍ ክፍሎቹን በእጥፍ ያበዛል። ሲሰፋ `m` ስለሚለወጥ የሁሉም ስሞች አድራሻ እንደገና ይወሰናል። ያ አንድ ጊዜ የሚደረግ ሥራ ከባድ ቢሆንም፣ በየእጥፉ ብቻ ስለሚደርስ በእያንዳንዱ ስም ላይ ሲከፋፈል ወጪው አነስተኛ ነው።

የፊደሉ ተራና የስምንት ቀሪ

ከላይ በማሳያው ሦስት ስሞች በክፍል 3 መገናኘታቸው የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዩኒኮድ የግዕዝ ፊደል ከቁጥር 4608 ይጀምራል፤ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት 8 ተከታታይ ቁጥሮች ተመድበዋል። ግዕዙ በመጀመሪያው፣ ካዕቡ በሁለተኛው፣ ሳብዑ በሰባተኛው ቦታ ይቀመጣል። 4608 ለ8 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ የማንኛውም ፊደል ቁጥር ለ8 ሲካፈል የሚቀረው የፊደሉን ድምፅ ብቻ ያመለክታል። ግዕዝ 0፣ ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 6 ይሆናል። እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉት የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው እንደ ራብዕ 3 ይሰጣሉ።

ማባዣው 31 ደግሞ ከ32 በአንድ ያንሳል፤ ስለዚህ ለ8 ቀሪው ሲታሰብ በ31 ማባዛት ምልክትን ከመደመር ወደ መቀነስ ከመለወጥ አይለይም። ውጤቱ እንዲህ ይሆናል፤ የሦስት ፊደል ስም አድራሻ የአንደኛው ፊደል ድምፅ፣ ሲቀነስ የሁለተኛው፣ ሲደመር የሦስተኛው ነው። መተማ 0 − 0 + 3፣ ሽንፋ 5 − 5 + 3፣ ጓንግ 3 − 5 + 5፤ ሦስቱም 3። ተነባቢው «መ» ይሁን «ሸ» ወይም «ገ»፣ ለአድራሻው ምንም አስተዋጽኦ የለውም።

ክፍሎቹን ማብዛት ይህን በሙሉ አያስወግድም። የክፍሎቹ ብዛት የ2 ርቢ እስከሆነ ድረስ፣ የአድራሻው የመጨረሻ ሦስት ቢቶች ምንጊዜም ከድምፁ ብቻ ይመጣሉ። ከበደ፣ አበበ፣ በቀለ፣ ደመቀ፣ ደረጀ፣ ተገኘ ሁሉም በግዕዝ ድምፅ የተጻፉ ናቸው፤ ስለዚህ የሁሉም አድራሻ የ8 ብዜት ነው። 1,024 ክፍሎች ባሉት ሠንጠረዥ ውስጥ እንዲህ ያሉ ስሞች በሙሉ የሚሻሙት 128 ክፍሎችን ብቻ ነው፤ የሙሌቱ መጠን ዝቅተኛ ቢመስልም እነዚያ ክፍሎች ይጨናነቃሉ።

የጃቫ ሠንጠረዥ ክፍሎች ብዛት የ2 ርቢ ስለሆነ፣ ከቀሪው በፊት የቁጥሩን ከፍተኛ ቢቶች ከዝቅተኞቹ ጋር ያዋሕዳል። በማሳያው ስሞች ላይ ይህ በከፊል ብቻ ይሠራል። በመነሻው የ16 ክፍሎች ሠንጠረዥ ጓንግ ወደ ክፍል 2 ሲለይ፣ መተማና ሽንፋ ሁለቱም በክፍል 5 ይቀራሉ፤ ከፍተኛ ቢቶቻቸውም አንድ ዓይነት ናቸውና። የክፍሎቹን ብዛት ብቸኛ ቁጥር ማድረግ የበለጠ ይበትናል። ከላይ በ11 የተካፈለው ዓምድ ውስጥ ከሰባቱ ስሞች የተጋጩት ጓንግና ገላባት ብቻ ናቸው። ዋጋው ማካፈል የግድ መሆኑ ነው፤ የ2 ርቢ ሲሆን ግን ቢቶችን ቆርጦ መውሰድ ይበቃል።

ችግሩን ለማወቅ የአማካይ ጊዜን ብቻ መለካት አይበቃም። የየሰንሰለቱን ርዝመት መቁጠርና ከሚጠበቀው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ስሞቹ በእኩል የሚበተኑ ከሆነ፣ በሰንሰለት ዘዴ የተመዘገበን ስም ለማግኘት የሚያስፈልገው ንጽጽር በአማካይ አንድ ሲደመር የሙሌቱ ግማሽ ያህል ነው። የተለካው ከዚህ በብዙ ከበለጠና ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች በ8 ተመሳሳይ ቀሪ ባላቸው ክፍሎች ከተሰበሰቡ፣ ጥፋቱ የሙሌቱ ሳይሆን የቀመሩ ነው።

አንድ ስም በሁለት ጽሕፈት

እስካሁን የታየው የተለያዩ ስሞች አንድ ቦታ ሲሻሙ ነው። በአማርኛ መዝገብ ተቃራኒውም ይደርሳል። የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ በአንዱ እጅ «ገንዳ ውሃ»፣ በሌላው «ገንዳ ውኃ» ተብሎ ይጻፋል። ለአንባቢ ልዩነት የለውም፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ሃ» 4611፣ «ኃ» 4739 ነው። ልዩነቱ 128 ሲሆን የስሙ የመጨረሻ ፊደል ላይ ስለሆነ፣ 128 ክፍሎች ባሉት ሠንጠረዥ ሁለቱ ጽሕፈቶች አንድ ክፍል ላይ ያርፋሉ፤ በ256 ክፍሎች ግን ይለያያሉ። አንድ ክፍል ላይ ማረፋቸውም ቢሆን አይጠቅምም፤ በንጽጽሩ ጊዜ ፊደላቱ እኩል ስላልሆኑ ስሙ እንዳልተመዘገበ ይቆጠራል።

መድኃኒቱ ስሙ ወደ ቀመሩ ከመግባቱ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ ነው፤ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ ሃ፣ ሓና ኃም ከሀ ጋር ይቆጠራሉ። ሥርዐቱ በምዝገባም በፍለጋም፣ በሃሽ ስሌቱም በእኩልነት ንጽጽሩም አንድ መሆን አለበት። ንጽጽሩ ብቻ ሁለቱን ጽሕፈቶች እኩል ቢያደርግና ስሌቱ ባይከተለው፣ ፈላጊው ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ ንጽጽሩ ጋር ሳይደርስ ይቀራል። ባለቤቱ የጻፈው ስም ለዕይታ እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚስተካከለው ቁልፉ ብቻ ነው። ለቦታና ለሰው ስሞች ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ለመዝገበ ቃላት ግን «ድኅነት»ንና «ድህነት»ን አንድ ስለሚያደርግ አይሆንም።

ከዚህ ያለፈውን ሃሽ ሠንጠረዥ አይፈታውም። ከገላባት የተሻገረ ሰው ስም በአንድ ቀን «መሐመድ»፣ በሌላ ቀን «ሙሐመድ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ልዩነቱ የድምፅ ስለሆነ ፊደላትን ማዋሐድ አያገናኛቸውም፤ ሃሽ ቀመርም የሚቀራረቡ ስሞችን አቀራርቦ እንዲያስቀምጥ አልተሠራም። ሠንጠረዡ በፍጥነት የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ልክ ይህ ቁልፍ አለ ወይስ የለም? መመዝገቡ ለራሽኑ ወይም ለጭነቱ መነሻ የሆነለት ሰው በጽሕፈት ልዩነት «የለም» ሲባል፣ መልሱ ከሠንጠረዡ አንጻር ትክክል ነው። ስለዚህ የሚቀራረብ ጽሕፈትን የሚፈልግ ሁለተኛ ማውጫ ከጎኑ ሊኖር ይገባል፤ የሠንጠረዡ «የለም» ወደዚያ የሚመራ እንጂ ጉዳዩን የሚዘጋ መሆን የለበትም።